አምስት ባንክ፣ አንድ አደጋ፦ አክሲዮን መብዛቱ ሀብት ተሰባጠረ ማለት አይደለም

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ጥሪት የያዘ ሰው ሀብቱን ሲዘረዝር ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የአራት አምስት ባንክ አክሲዮን አለ። የአንድ ኢንሹራንስ አክሲዮን ይጨመራል። ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ አለ። የቀረው ገንዘብ ባንክ ተቀምጧል። «ሁሉንም አንድ ቦታ አላደረግኩም፣ በታትኛለሁ» ይላል ባለቤቱ፣ ልቡ አርፎ።

በታትኗል? ወረቀቶቹን ከቆጠርን አዎ። ወረቀቶቹ ዋጋቸውን የሚያገኙበትን ምንጭ ከቆጠርን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሀብትን የማሰባጠር ጥቅሙ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዳይወድቅ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ስንት ነገር አለኝ?» ሳይሆን «ያሉኝን ነገሮች አብሮ ሊጥላቸው የሚችለው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። በአንድ ትራንስፎርመር ላይ የተሰቀሉ ሃያ ቤቶች ሃያ ቆጣሪ አላቸው። ትራንስፎርመሩ ሲፈነዳ ግን ሃያዎቹም ይጨልማሉ።

የባንኮቹን ነገር በቅርብ እንየው። በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ አንድ መመሪያ አወጣ። የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር የ27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ አስገደደ። ሰነዱ የሚከፍለው ወለድ አነስተኛ ነበር። መመሪያው እስከ 2012 ዓ.ም. ቆየ። የየትኛው የግል ባንክ አክሲዮን እንደነበራችሁ ለውጥ አያመጣም፤ ሁሉም በዚያው መመሪያ ሥር ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ጎበዝ ሥራ አስኪያጅ ያለውም የሌለውም ባንክ እኩል ጣሪያው ሥር ገባ። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

እነዚህ ሦስት ውሳኔዎች የወጡት ከአንድ ቢሮ ነው። አምስት ባንክ የገዛ ሰው አምስት ተቆጣጣሪ አልገዛም።

ተመሳሳይነቱ ግን ከመመሪያም ይሰፋል። ባንኮቹ የሚሸጡት ነገር አንድ ነው፣ ብድር። ትልልቅ ተበዳሪዎቻቸው ከተመሳሳይ ዘርፍ የሚመጡ ናቸው፤ አስመጪ፣ ላኪ፣ የአገር ውስጥ ነጋዴ፣ ሕንፃ ሠሪ። ለብድሩ የሚይዙት ዋስትና በብዛት ቤትና ሕንፃ ነው። ትርፋቸውን የሚቆጥሩት በብር ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር የአንዱ መጥፎ ዓመት ለሌላውም መጥፎ ዓመት የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። አምስት ባንክ መያዝ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። አንዱ ባንክ ውስጥ ማጭበርበር ቢፈጸም፣ ወይም ቦርዱ ተጣልቶ ሥራው ቢበላሽ፣ ወይም አንድ ትልቅ ተበዳሪ ብድሩን ይዞ ቢጠፋ፣ አምስት ባንክ ያለው ሰው የሚጎዳው በአንድ አምስተኛው ነው። ምንዛሪው ሲለቀቅም ሁሉም ባንክ እኩል አልተነካም። በውጭ ምንዛሪ የያዘው ንብረት ከውጭ ምንዛሪ ዕዳው የሚበልጥ ባንክ ይጠቀማል፣ የተገላቢጦሹ ይጎዳል። ስለዚህ ከአንድ ባንክ አምስት ይሻላል። ችግሩ ሰዎች ይህን ጥቅም ከሚገባው በላይ አግዝፈው ማየታቸው ነው።

ምን ያህል እንደሚያገዝፉት በቁጥር ማሳየት ይቻላል። እያንዳንዱ አክሲዮን በተለመደ ዓመት ከአማካዩ ወደ ላይም ወደ ታችም 20 በመቶ ያህል ይዋዥቃል እንበል። ይህ ለስሌት የወሰድኩት ቁጥር ነው፣ የማንም ባንክ አይደለም። የሁለት ነገሮች አብሮ መንቀሳቀስ የሚለካው ደግሞ ኮሪሌሽን በሚባል ቁጥር ነው። ቁጥሩ 1 ከሆነ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ይሄዳሉ። 0 ከሆነ የአንዱ መውጣትና መውረድ ስለሌላው ምንም አይነግረንም። ከ0 በታች ከሆነ ደግሞ አንዱ ሲወርድ ሌላው ወደ መውጣት ያዘነብላል።

አራት አክሲዮን በእኩል መጠን ያዝን እንበል፣ ኮሪሌሽናቸው 0 የሆነ። የጠቅላላው መዋዠቅ ከ20 ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። በግማሽ ማለት ነው። አሥር ብናደርጋቸው ወደ 6.3 ይደርሳል። ይህ እውነተኛ ስብጥር ነው።

አሁን ኮሪሌሽኑን 0.8 እናድርገው። አራቱ አክሲዮኖች መዋዠቁን ከ20 ወደ 18.4 ብቻ ያወርዱታል። አሥር ብንገዛ 18.1 ይሆናል። መቶ ብንገዛ እንኳ ከ17.9 አይወርድም። ከአራተኛው በኋላ የተገዛው ሁሉ የጨመረልን ነገር ቢኖር የስብሰባ ጥሪ ወረቀት ነው።

ይህን በሌላ መንገድ ማየትም ይቻላል። በየባንኩ የያዝነው አክሲዮን መጠኑ እኩል ከሆነና የባንኮቹ መዋዠቅ ከተቀራረበ፣ «በእርግጥ ስንት የተለያየ ነገር ይዣለሁ?» የሚለውን የሚመልስ አጭር ቀመር አለ፦

```
n / (1 + (n - 1) * r)
```

እዚህ `n` የያዝናቸው ነገሮች ብዛት፣ `r` ደግሞ አማካይ ኮሪሌሽናቸው ነው። በአሥር ባንክና በ0.8 ስናሰላው 10 ሲካፈል ለ8.2 ይሆናል። መልሱ 1.2 ነው። አሥር ባንክ የያዘ ሰው፣ ከአንድ ባንክ ጥቂት የሚበልጥ ስብጥር ነው ያለው።

ታዲያ የራሳችንን እንዴት እንፈትሽ? ለተለያየ ንብረት የተለያየ መንገድ አለ። ለአገር ቤቱ ሀብት እኔ የምመርጠው ቀላል ሠንጠረዥ ነው። አንዲት የመርካቶ ነጋዴ እናስብ። ሀብቷ በጠቅላላ 4,000,000 ብር ነው። ኮንዶሚኒየሟ 2,000,000 ያወጣል። በአምስት ባንክ 200,000፣ 200,000 ብር አክሲዮን አላት፣ ድምሩ 1,000,000። በአንድ ኢንሹራንስ 300,000 አላት። በጊዜ ገደብ ያስቀመጠችው 400,000 ነው። ሱቋ ውስጥ ያለው ከውጭ የመጣ ዕቃ 300,000 ይሆናል። ስትቆጥረው ዘጠኝ ነገር ነው።

በወረቀት ላይ ዘጠኙን ወደ ታች ትጽፋለች። ወደ ጎን ደግሞ ሊከሰቱ የሚችሉ ሦስት አራት ክፉ ነገሮችን ትጽፋለች። የሕንፃ ዋጋ ቢወርድ፣ ብር በድንገት ቢዳከም፣ ብድር ቢጠብቅ። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር «ይህ ቢሆን ይህኛው ይጎዳል?» እያለች ትጠይቃለች።

የሕንፃ ዋጋ መውረድን እንያዝ። ኮንዶሚኒየሙ በቀጥታ ይጎዳል። ባንኮቹም ይጎዳሉ፤ ተበዳሪው መክፈል ሲያቅተው የሚሸጡት ዋስትና ያው ሕንፃ ነው። ኢንሹራንሱስ? ኢንሹራንስ ኩባንያ ከደንበኛ የሰበሰበውን ገንዘብ የሚያስቀምጠው በአብዛኛው ባንክ ውስጥ፣ በባንክ አክሲዮንና በሕንፃ ነው። አዋሽን፣ ንብን፣ ኅብረትን ብታዩ ስሙ በባንክም በኢንሹራንስም አለ። ይህ ነቀፌታ አይደለም፣ ዘርፉ ያደገው እንዲህ ነው። ግን «ከባንክ ውጭ ልሁን» ብሎ ኢንሹራንስ የገዛ ሰው ግማሽ መንገድ ተመልሶ ባንክ ገብቷል። ስለዚህ የሚነካው 2,000,000 ሲደመር 1,000,000 ሲደመር 300,000 ነው። ከ4,000,000 ውስጥ 3,300,000፣ ማለትም ከመቶ 82 ተኩል። ከዘጠኙ ነገር ሰባቱ በአንድ ክር ታስሯል።

ብር ቢዳከምስ? የጊዜ ገደብ ተቀማጩ ክፉኛ ይጎዳል፤ ብሩ ያው ነው፣ የሚገዛው ግን ይቀንሳል። የባንኮቹ የትርፍ ድርሻም በብር ነው። ቤቱ በብር ሲለካ ዋጋው ሊጨምር ይችላል፣ መሸጥ ግን ጊዜ ይፈጃል። በግልጽ የሚጠቀመው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ያለው ዕቃ። አዲሱ ዕቃ በውድ ስለሚገባ የድሮው ዋጋው ይጨምራል። ነጋዴዋ ስብጥሬ ነው የምትለው አክሲዮኗን ነው። ሠንጠረዡ ግን በተቃራኒ የሚሄደው ሸቀጧ መሆኑን ይነግራታል። ከጠቅላላው 7 ተኩል በመቶ ብቻ ቢሆንም።

ብድር ሲጠብቅ ደግሞ ባንኮቹ እንደ ልብ ማደግ ያቅታቸዋል። በብድር ቤት የሚገዛው ሰው ይቀንሳል። እሷ ራሷ በኦቨርድራፍት የምትሠራ ከሆነ ሱቋም ይጨናነቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው መስመር አለ፣ የእንጀራ ገቢ። ባንክ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የዚያው ባንክ አክሲዮን፣ የዚያው ባንክ የቤት ብድር እና የዚያው ባንክ ቁጠባ ካለው፣ ደመወዙንም በሠንጠረዡ ላይ መጻፍ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ትልቁ ሀብት እሱ ነው።

ሠንጠረዡን ለመሙላት ግምት ብቻ አይበቃም። የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት መጨረሻ ገጾች ማየት ያስፈልጋል። ሰው የሊቀ መንበሩን መልእክትና ፎቶውን አይቶ ይዘጋዋል። ቁም ነገሩ ከሒሳብ መግለጫዎቹ ቀጥሎ በሚመጡት ማብራሪያዎች ውስጥ ነው። ብድሩ በዘርፍ ተከፋፍሎ የተቀመጠበትን ሠንጠረዥ ፈልጉ። የሁለት ባንኮችን ጎን ለጎን አድርጉና በእያንዳንዱ ዘርፍ ትንሹን ቁጥር ውሰዱ። የአንዱ ግንባታ 25 በመቶ፣ የሌላው 20 ከሆነ፣ 20ን ያዙ። እንዲህ እያላችሁ ሁሉንም ደምሩ። ድምሩ 85 ከወጣ፣ ሁለቱ ባንኮች ከመቶ ብር ብድራቸው 85ቱን ያሰራጩት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ኢንቨስትመንት የሚለውንም ማብራሪያ እዩ፤ ባንኩ የማንን አክሲዮን እንደያዘ እዚያ አለ።

«ለምን ዋጋቸውን እያየን ኮሪሌሽን አናሰላም?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፣ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኖ። አብዛኛው የባንክ አክሲዮን ግን በየቀኑ አይገበያይም። ከስንት ወር አንዴ የሚሸጥ ነገር ዋጋው የማይንቀሳቀስ ይመስላል። ቤትም እንዲሁ ነው። ይህ አደገኛ ማታለያ ነው። ዋጋ ስላልተጠየቀለት ጸጥ ያለ ነገር ከሌላው ጋር የማይገናኝ መስሎ በስሌቱ ላይ ዝቅተኛ ኮሪሌሽን ያሳያል። ጸጥታው የመረጃ እጥረት እንጂ የደኅንነት ምልክት አይደለም። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ሀብት ከዋጋ ይልቅ መንስኤን መጠየቅ ይበልጥ ያስተማምናል።

በየቀኑ ዋጋ ያለው ነገር የያዙት ግን በቁጥር ማረጋገጥ ይችላሉ። ይህ በተለይ አሜሪካ ላሉ ወገኖች ነው። እዚያ የተለመደው ስህተት ባንክ ማብዛት አይደለም፣ የብዙ ኩባንያ አክሲዮን በአንድ ላይ የሚይዝ ፈንድ ማብዛት ነው። በ10,000 ዶላር እንየው። አንድ ሰው 4,000ውን የ500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች መለኪያ የሆነውን ኤስ ኤንድ ፒ 500ን በሚከተል ፈንድ አስቀመጠ። 3,000ውን በናስዳክ ገበያ ያሉ 100 ትልልቅ ኩባንያዎች መለኪያ የሆነውን ናስዳክ 100ን በሚከተል ፈንድ። 3,000ውን ደግሞ በቴክኖሎጂ ዘርፍ ፈንድ። ሦስት ፈንድ፣ ከ500 በላይ ኩባንያ። በቂ ይመስላል።

ፈንዶቹን እንክፈታቸው። የእያንዳንዱ ኩባንያ ድርሻ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የራሳችሁን ከፈንዱ ገጽ ላይ `Holdings` ከሚለው ክፍል ውሰዱ። እዚህ ለምሳሌ የተጠጋጉ ቁጥሮች ልጠቀም። አፕል በመጀመሪያው 7፣ በሁለተኛው 9፣ በሦስተኛው 15 በመቶ ይሁን። ገንዘቡ 280 ሲደመር 270 ሲደመር 450 ነው፣ ድምሩ 1,000 ዶላር። ማይክሮሶፍትና ኤንቪዲያ እያንዳንዳቸው 6፣ 8 እና 14 ይሁኑ። ለእያንዳንዳቸው 900 ዶላር ይወጣል። ሦስቱ ኩባንያዎች ብቻ 2,800 ዶላር ያዙ። ከአራቱ ዶላር ከአንዱ በላይ በሦስት ስም ላይ ነው ያለው።

ሰውየው ሲያትል ውስጥ በቴክኖሎጂ ኩባንያ የሚሠራ ከሆነና አሠሪው በአክሲዮንም የሚከፍለው ከሆነ፣ የመርካቶዋን ነጋዴ ሠንጠረዥ እሱም ይሙላ።

አብሮ መሄዳቸውን ለመለካት የሦስት ዓመት የወር መጨረሻ ዋጋ በኤክሴል ላይ አስገቡ። አንዱን ፈንድ በ`B` ዓምድ፣ ሌላውን በ`C`፣ ከመስመር 2 እስከ 38። ከዚያ ከወር ወር የተቀየረውን በመቶኛ አውጡና ኮሪሌሽኑን አስሉ፦

```
D3:  =B3/B2-1
E3:  =C3/C2-1
     =CORREL(D3:D38, E3:E38)
```

የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች እስከ 38 ወደ ታች መጎተት አለባችሁ። ኮሪሌሽን የሚሰላው በዋጋው ላይ ሳይሆን በለውጡ ላይ ነው። ይህን ብዙ ሰው ይስታል። ሁለት ነገሮች ለሦስት ዓመት እየጨመሩ ከሄዱ፣ ምንም ግንኙነት ባይኖራቸውም ዋጋቸው ላይ የተሠራ ስሌት አብረው የሚሄዱ ያስመስላቸዋል። ለውጡ ላይ ሲሠራ እውነቱ ይወጣል። ኤስ ኤንድ ፒ 500ን እና ናስዳክ 100ን እንዲህ ብታስሉ ብዙ ጊዜ 0.9 አካባቢ ታገኛላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታየ። በዚያ ዓመት ኤስ ኤንድ ፒ 500 በ18 በመቶ ወረደ። ናስዳክ 100 በ32፣ የቴክኖሎጂ ዘርፉ በ28 በመቶ ገደማ ወረዱ። የእኛ ሰው ከመጀመሪያው ፈንድ 720፣ ከሁለተኛው 960፣ ከሦስተኛው 840 ዶላር ያጣ ነበር። ድምሩ 2,520 ዶላር ነው። አንድ ፈንድ ብቻ ቢይዝ፣ የመጀመሪያውን፣ ኪሳራው 1,800 ይሆን ነበር። «ልበታትን» ብሎ የጨመራቸው ሁለቱ ፈንዶች አደጋውን አከበዱት።

የዚያው ዓመት ሌላ ትምህርት የበለጠ የሚያስገርም ነው። ቦንድ አክሲዮን ሲወድቅ ይደግፋል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በእርግጥም ደግፏል፤ የአሜሪካ አክሲዮን 37 በመቶ ሲወርድ ጥራት ያላቸው ቦንዶች በድምሩ 5 በመቶ ገደማ ጨምረዋል። በ2022 ግን ቦንዶቹም 13 በመቶ ወረዱ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የ2008ቱ ፍርሃት ሰውን ወደ ቦንድ አሸሸው። የ2022ቱ መንስኤ ደግሞ ወለዱ ራሱ ነበር። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድን ከዜሮ አጠገብ ተነስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ4 በመቶ በላይ አደረሰው። አዲሱ ቦንድ ብዙ ወለድ ሲከፍል የድሮው ይረክሳል። የኩባንያዎቹ የወደፊት ትርፍም በከፍተኛ ወለድ ሲተመን ዋጋው ይቀንሳል። ስለዚህ የሦስት ዓመት ኮሪሌሽን ስለ እነዚያ ሦስት ዓመታት ብቻ ነው የሚነግረን። ቀጣዩ ድንጋጤ ከየት እንደሚመጣ አይነግረንም። ቁጥሩን ካሰላችሁ በኋላም መንስኤውን መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እስያና አውሮፓን መጨመርም ቢሆን በክፉ ቀን ብዙ አይጠቅም ይሆናል። በዚያው በ2008 ከአሜሪካ ውጭ ያሉ የበለጸጉ አገሮች አክሲዮን 43፣ የታዳጊ አገሮች ደግሞ 53 በመቶ ገደማ ወርዷል። በሰላሙ ጊዜ የተለያዩ የመሰሉት በጭንቁ ጊዜ አንድ ሆኑ። ባለሀብቱ ገንዘብ ሲቸግረው የሚሸጠው የሚሸጥለትን ሁሉ ነውና።

መደራረቡን ካገኛችሁ በኋላስ? አሜሪካ ያለው ሰው የተደራረበውን ፈንድ ሸጦ መቀየር ይችላል። 401(k) በሚባለው በአሠሪ በኩል በሚቆጠብበት የጡረታ ሂሳብ ውስጥ ከሆነ በሂሳቡ ውስጥ በሚደረግ ልውውጥ የዚያን ጊዜ ግብር የለበትም። ከዚያ ውጭ ባለ ሂሳብ ውስጥ ግን በትርፉ ላይ ግብር ስለሚመጣ መጀመሪያ ማስላት ይገባል።

አገር ቤት ግን ነገሩ ይከብዳል። ለአክሲዮኑ ገዢ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል። ከዚያም በላይ መደራረቡ በራሱ ጊዜ ያድጋል። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር አድርጎ እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ቀነ ገደብ ሲሰጥ፣ ባንኮቹ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ነባር ባለአክሲዮኖቻቸው ነው። የትርፍ ድርሻችሁን ወደ ካፒታል አዙሩ፣ ተጨማሪ ግዙ የሚል ጥሪ መጣ። አምስት ባንክ ያለው ሰው አምስት ጥሪ ይደርሰዋል። ሁሉንም እሺ ካለ፣ ምንም አዲስ ውሳኔ ሳይወስን ከሀብቱ የባንክ ድርሻ እየሰፋ ይሄዳል።

ስለዚህ ለነጋዴዋ ያለው ቀላሉ መንገድ መሸጥ አይደለም፣ አዲሱን ገንዘብ ሌላ ቦታ መላክ ነው። በዚህ ዓመት ከአምስቱ ባንኮች 150,000 ብር የትርፍ ድርሻ ደረሳት እንበል። ወደ ባንኮቹ ብትመልሰው በሕንፃ ዋጋ መውረድ የሚነካው ሀብቷ 3,450,000 ይሆናል፣ ከ4,150,000 ውስጥ 83 በመቶ። ለሱቋ ዕቃ ብታውለው 3,300,000 ላይ ይቆማል፣ ወደ 79.5 በመቶ ይወርዳል። ብር ሲዳከም በተቃራኒ የሚሄደው ክፍል ደግሞ ከ7.5 ወደ 10.8 በመቶ ያድጋል። ለውጡ የአንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ ትንሽ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የጥሪው ደብዳቤ ሲመጣ ሠንጠረዡን እንደገና አውጥታ፣ ገንዘቡ የሚሄድበት መስመር ከየትኛው ክፉ ነገር ጋር እንደሚገናኝ ማየት ትችላለች።